«ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም»፦ ያልተነገረው ነገር የሚሠራው ሥራ

መመተር ሥጋን በቢላዋ መቆራረጥ ነው። አንበሳ በገዛ ጥርሱና ጥፍሩ ስለሚዘነጣጥል ሥጋውን ማንም አይመትርለትም። ብልህም ነገሩን ከጫፉ ይዞ ራሱ ይጨርሰዋልና ዘርዝሮ የሚነግረው አያስፈልገውም። አባባሉ የተወለደው ከዚህ ንጽጽር ነው። ሽማግሌ ፍንጭ ሰጥቶ ንግግሩን ሲገታ ይጠቀምበታል። ብዙ ጊዜም «ለብልህ አይነግሩም» ብሎ ያቆማል፤ አንበሳውን አድማጩ በልቡ ይጨምረዋል።

አባባሉ ይህን ችሎታ ለብልህ ብቻ ይሰጣል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሃሮልድ ጋርፊንክል ግን ሁላችንም ቀኑን ሙሉ በዚያ ብልህ ቦታ ተቀምጠን እንደምንውል አሳይቷል። ጋርፊንክል በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ኢትኖሜቶዶሎጂ የሚለውን የጥናት መስኩን ስያሜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የፍርድ ቤት ዳኝነት ሸንጎ አባላትን ሲያጠና ነው። ሕግ ያልተማሩት እነዚህ ተራ ሰዎች እውነቱን ከሐሰቱ በምን መንገድ እንደሚለዩ ማወቅ ፈልጎ ነበር። የጥናት መስኩም ሰዎች ኑሮን ለእርስ በርሳቸው ግልጽ የሚያደርጉባቸውን መንገዶች ይመረምራል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለአባባላችን የሚቀርበው ለተማሪዎቹ የሰጠው አንድ የቤት ሥራ ነው። ወረቀቱን ለሁለት ከፍለው በግራ የተነገረውን፣ በቀኝ ደግሞ ተነጋጋሪዎቹ የተረዱትን እንዲጽፉ አዘዛቸው። አንድ ባል ለሚስቱ እንዲህ አላት፦ ልጃችን ዛሬ ማንም ሳያነሳው በመኪና ማቆሚያው የሒሳብ ሣጥን ውስጥ ሳንቲም ከተተ። ሚስት፦ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫው ወሰድኸው? ባል፦ አይ፣ ጫማ ሠሪው ጋ።

ለሌላ ሰው ይህ የተበጣጠሰ ወሬ ነው። በቀኙ ዓምድ ግን ልጁ አራት ዓመቱ እንደሆነ፣ አባቱ ከሕፃናት መዋያው ይዞት ሲመለስ እንደነበር፣ ሣጥኑ ከዚህ በፊት ይርቀው እንደነበር፣ ሳንቲም ከከተተ መኪናው የሆነ ቦታ ቆሞ ነበር ማለት እንደሆነ ሁሉ ተጻፈ። ሚስት የሸክላ መሸጫውን ያነሣችው ባሏ እዚያ እንደሚሄድ ስለምታውቅ ነው፤ የጠየቀችው ልጁን ለማምጣት ሲሄድ ይሁን ይዞት ሲመለስ ለመለየት ነው።

ጋርፊንክል በዚህ አልረካም፤ ይበልጥ ግልጽና የተሟላ እንዲሆን ደጋግሞ ጠየቀ። ተማሪዎቹ በጻፉ ቁጥር የሚጻፈው እየበዛባቸው ሄደና በመጨረሻ ተስፋ ቆረጡ። ለእኔ ትልቁ ግኝት ይህ ነው። ያልተነገረው ነገር ተቆጥሮ የሚያልቅ ዝርዝር አይደለም፤ እያንዳንዱ ማብራሪያ ሌላ ማብራሪያ ይወልዳል። ንግግር የሚቻለው ሁለቱም ወገኖች የቀረውን እንተወው፣ ይገባናል ብለው ስለሚተማመኑ ነው።

ይህ መተማመን ሲጣስ ምን ይሆናል? አንዲት ሴት አብራት በመኪና ለምትጓዝ ባልደረባዋ ትናንት ጎማዋ እንደተነፈሰ ነገረቻት። የጋርፊንክል ተማሪ የሆነችው ይህች ጓደኛዋ በመምህሯ ትእዛዝ «ጎማዬ ተነፈሰ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?» አለቻት። ሴትየዋ ለአፍታ ደነገጠች፤ ወዲያው ተቆጣች፦ ጎማ ተነፈሰ ማለት ጎማ ተነፈሰ ማለት ነው፤ ምን ዓይነት የእብድ ጥያቄ ነው! ቁጣው ስለ ጎማ አይደለም። ጥያቄው «አላምንሽም፣ የምታውቂውንም አብሬሽ አላውቅም» ብሏታል።

በሌላ ሙከራ ተማሪዎች ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በገዛ ቤታቸው እንደ ተከራይ እንዲሆኑ ታዘዙ። ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ ሲናገሩም እንደ እንግዳ ሰው በትሕትና ነው። ከ49ኙ አምስቱ እምቢ አሉ፤ አራቱ ሞክረው አልተሳካላቸውም። በቀሩት ቤቶች አብዛኛው ቤተሰብ ግራ ተጋባ። አመመህ? ከሥራ ተባረርህ? አበድህ? እያሉ ጠየቁ፤ ትሕትናውን እንደ ስድብ ቆጠሩት። መልስ ሲያጡ ራሳቸው ምክንያት ፈጠሩ፦ ጥናት በዝቶበት ነው፣ ከእጮኛው ተጣልቶ ነው። ያልተነገራቸውን ለመሙላት እዚህም ላይ እየታገሉ ነበር።

ሙከራ መሆኑ ሲነገራቸውም ብዙዎቹ አልሳቁም። የአንዱ ተማሪ እኅት ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ሙከራ እንዳይደገም፣ እነሱ የቤተ ሙከራ አይጥ እንዳልሆኑ ነገረችው። ቅሬታዋ ትክክል ይመስለኛል። ጋርፊንክል ራሱም ቢሆን እነዚህን የተሟሉ ሳይንሳዊ ሙከራዎች አላላቸውም፤ የለመድነውን ማየት ላቃተው ዓይናችን እንደ ማንቂያ ነበር የቆጠራቸው። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥናት የሚሠራ ሰው የተሳታፊዎቹን ፈቃድ እንዲጠይቅ ይጠበቅበታል። አስቀድሞ የተነገረው ቤተሰብ ግን ለልጁ እንግዳ ጠባይ ምክንያቱን ስለያዘ አይደነግጥም፤ የሚታየውም ነገር አብሮ ይጠፋል።