የመጽሐፍ ምረቃ ካፕሽን ምንድን ነው?

ደራሲው ወይም አሳታሚው መጽሐፉ የሚመረቅበትን ቀን ሲያሳውቅ ከፖስተሩ ሥር የሚለጥፈው አጭር ጽሑፍ ነው። ስለ መጽሐፉ ብዙ መናገር አይጠበቅበትም። ዋና ሥራው አንባቢው ሌላ ሰው ሳይጠይቅ አዳራሹ እንዲደርስ፣ መምጣት ያልቻለውም መጽሐፉን ከየት እንደሚገዛ እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

ቴሌግራም ላይ ፎቶ ሥር የሚገባው 1,024 ሆሄ ያህል ነው። ኢንስታግራም 2,200 ቢፈቅድም መጀመሪያ የሚታየው አንድ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ «ለረጅም ጊዜ ስትጠብቁት የነበረው» ብሎ መጀመር ቦታ ያባክናል፤ ቀኑና ቦታው ይቅደም። ለምሳሌ የአንድ ልብ ወለድ ካፕሽን እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡00 ሰዓት፣ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። ደራሲዋ ከምዕራፍ ሦስት ለ10 ደቂቃ ታነብባለች፤ ከዚያ ውይይት፣ በመጨረሻም የፊርማ ሰዓት ይኖራል። መግቢያ በነጻ ነው። መጽሐፉ በዕለቱ በ400 ብር፣ ከሰኞ ኅዳር 22 ጀምሮ በመጻሕፍት መደብሮች በሽፋን ዋጋው 450 ብር ይሸጣል።»

«ከቀኑ» የምትለዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች እንጂ ብዙ ትሸከማለች። 8፡00 ብቻ ከተጻፈ ውጭ አገር የኖረ ሰው ጠዋት መስሎት ስድስት ሰዓት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ዝግጅቱ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ ደግሞ «ከቀኑ 8፡00 ሰዓት፣ በፈረንጅ 2፡00» ተብሎ ሁለቱም ቢጻፍ ይሻላል፤ ቀኑም እንዲሁ። ከመለጠፉ በፊት ዕለቱንና ቀኑን ካላንደር ላይ ማመሳከር ያስፈልጋል። «ቅዳሜ ኅዳር 21» ቢባል 21 እሑድ ስለሆነ፣ ግማሹ አንባቢ በዕለቱ ግማሹ በቀኑ ይሄዳል።

የሽያጩ መስመር ላይ የሚበዛው ስህተት «በሁሉም መጻሕፍት መደብሮች ያገኙታል» ማለት ነው። አከፋፋዩ ገና ሳያደርስ እንዲህ ከተጻፈ፣ አንባቢው ሱቅ ሄዶ «አልገባም» ተብሎ ይመለሳል፤ ያ ሰው ሁለተኛ የመመለሱ ነገር ያጠራጥራል። መጽሐፉን በእጃቸው የተረከቡትን መደብሮች በስማቸው ከነሰፈራቸው መጥራት፣ ለሌሎቹ ከመቼ ጀምሮ እንደሚገኝ መናገር ይበቃል። ደራሲውና አሳታሚው በየገጻቸው የሚለጥፉ ከሆነ ዋጋና ሰዓቱን ከአንድ ጽሑፍ ይቅዱ። አንዱ 400 ሌላው 450 ብሎ ምክንያቱን ካልገለጸ በሽያጭ ጠረጴዛው ላይ ክርክር ይነሳል።

ሰው ፖስተሩን ብቻ ቆርጦ ስለሚያጋራ ዕለት፣ ሰዓትና ቦታ ምስሉ ላይም መኖር አለባቸው። አዳራሽ ከተቀየረ ደግሞ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ማረም አይበቃም፤ ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረጉት ቅጂዎች እንደነበሩ ይቀራሉ። «የቦታ ለውጥ» በሚል ቃል የሚጀምር፣ አዲስ ፖስተር ያለው ሌላ ፖስት ይለጠፍ፤ በቀድሞው አዳራሽ በር ላይም ወረቀት ይለጠፍ።