ፌሮውን የሚበላው ምንድን ነው? ስለ አርማታ ዕድሜ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«አዲስ አበባ ከባሕር ሩቅ ናት፤ ፌሮ የሚዝገው እንደ ጅቡቲና ምጽዋ ባለ የወደብ ከተማ ነው።»

አርማታ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉበት ነገር በመሆኑ አየርም እርጥበትም ወደ ውስጡ ይዘልቃሉ። ይህም ሆኖ ፌሮው ለረጅም ጊዜ ሳይዝግ የሚቆየው ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ኃይለኛ ቤዝ ስለሚፈጠር ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ፒኤች 13 ገደማ ይሆናል፤ በዚህ ሁኔታ በፌሮው ላይ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠራል፤ ያ ሽፋን ሳይነካ እስካለ ድረስም ዝገቱ ከቁጥር የሚገባ አይሆንም።

ይህን ጥበቃ ለማፍረስ የምንተነፍሰው አየር ይበቃል። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ወደ አርማታው እየገባ ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱን ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለውጠዋል። ሂደቱ ካርቦኔሽን ይባላል። አርማታውን ራሱን አያደክመውም፤ እንዲያውም ላዩን ጥቂት ስለሚያጠነክረው፣ ገጹን እየመታ ጥንካሬውን በሚገምተው በሽሚት መዶሻ ብቻ የሚመረምር ሰው ያረጀውን ኮለን ከእውነተኛው በላይ ጠንካራ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ፒኤቹ ወደ 9 እና ከዚያ በታች ሲወርድ የፌሮው ስስ ሽፋን ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ እርጥበትና ኦክስጅን ካሉ ዝገቱ ይጀምራል።

ካርቦኔሽን ከሁሉ ይልቅ የሚፈጥነው የአየሩ እርጥበት ከ50 እስከ 70 በመቶ ሲሆን ነው። ቀዳዳዎቹ ውሃ ከሞላባቸው ጋዙ አይገባም፤ ፈጽመው ከደረቁ ደግሞ ውሕደቱ አይካሄድም። ዝገት ግን ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ለፌሮው ክፉው ሁኔታ እርጥበትና ድርቀት የሚፈራረቁበት ነው፤ የአዲስ አበባን ዓመት ላሰበ ሰው ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። በበጋው ወራት ጋዙ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ በረንዳው፣ የሶሌታው ጠርዝና ውሃ የሚያንጠባጥበው የመታጠቢያ ቤት ወለል ይርሳሉ።

«ፌሮውን የሚሸፍነው አርማታ አንድ ሴንቲ ቢጎድል ልስኑ ይተካዋል።»

ካርቦኔሽን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከጊዜው ካሬ ሥር ጋር በተመጣጠነ ጥልቀት ነው። ይህ ሕግ ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ብዙዎችን ያስደነግጣል። አንድ ጊዜ ዕድሜው 9 ዓመት የሆነ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ያለ ኮለን ጥግ አስፈልፍለን ነበር። ትኩስ በተሰበረው ገጽ ላይ ያለውን ብናኝ አራግፈን ቤዝ ሲያገኝ ቀለም የሚይዘውን ፊኖልፍታሊን ረጨንበት። ጥልቁ ክፍል ወዲያው ደማቅ ሐምራዊ ሆነ፤ ከውጭ በኩል ያለው ጠርዝ ግን እንደ ነበረ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ቀለም ያልያዘው ክፍል፣ ማለትም ቤዝነቱ ያለቀው፣ በአማካይ 15 ሚሊሜትር ነበር።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። የ9 ካሬ ሥር 3 ስለሆነ የዚያ አርማታ የካርቦኔሽን መጠን በካሬ ሥር ዓመት 5 ሚሊሜትር ነው። በፕላኑ ላይ የተጻፈው 25 ሚሊሜትር የአርማታ ሽፋን ቢጠበቅ ኖሮ ካርቦኔሽኑ ፌሮው ላይ የሚደርሰው 25ን ለ5 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ስናባዛ፣ ማለትም በ25ኛው ዓመት ነበር። በኮለኑ አንድ ጎን ግን ፌሮው ወደ ፎርምወርኩ ተጠግቶ የቀረው ሽፋን 12 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። እዚያ የደረሰው ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ሽፋን በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል።

በዚያው ጎን የታየው ቀጭን ቡናማ መስመር ዋናውን ፌሮ ሳይሆን እርሱን ዙሪያውን የሚያስሩትን ስታፋዎች ተከትሎ የወጣ ነበር። ሽፋን የሚለካው ከአርማታው ገጽ እስከ ውጨኛው ብረት፣ ማለትም እስከ ስታፋው ነው፤ ከዋናው ፌሮ የሚለካ ሰው የስታፋውን ውፍረት ያህል ራሱን ያታልላል። ልስን የጋዙን ጉዞ ጥቂት ሊያዘገየው ይችላል፤ ነገር ግን በአብዛኛው ቀዳዳው የበዛ፣ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ የሚለያይና ከአርማታው ሊለቅ የሚችል ስለሆነ በንድፍ ውስጥ እንደ ሽፋን ሊቆጠር አይገባም። የሚሠራው መፍትሔ ከሙሌት በፊት ነው፦ ፌሮውን ከፎርምወርኩ የሚያርቁ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በልካቸው የተሠሩ ስፔሰሮችን በየሜትሩ ማሰር፣ የውሃውን መጠን ከሲሚንቶው ግማሽ ክብደት እንዳያልፍ መጠበቅ፣ ከዚያም ውሃ ማጠጣቱን አለማቋረጥ።

«የዛገውን ቦታ ፈልፍሎ በጥሩ ሲሚንቶ መሙላት ይበቃል።»

ዝገቱ የመጣው ከካርቦኔሽን ከሆነ በአግባቡ የተሠራ ጥገና ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ከክሎራይድ የመጣ ከሆነ ግን ጥገናው ራሱ አዲስ ዝገት ሊወልድ ይችላል፤ ስለዚህ መንስኤውን ሳይለዩ መጀመር ትልቅ ስሕተት ነው።

ክሎራይድ ከባሕር ውሃ፣ ከባሕር ነፋስ፣ ከጨዋማ አሸዋ፣ ወይም በቀዝቃዛ አገሮች መንገድ ላይ ከሚበተን ጨው ይመጣል። የአርማታው ፒኤች ሳይወርድ እንኳ የፌሮውን ስስ ሽፋን በነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። በዝገቱ ሂደት ውስጥ ራሱ ስለማያልቅ እዚያው ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። ጉድጓዱ ጠባብና ጥልቅ ስለሚሆን፣ ከውጭ ምንም ሳይሰነጠቅ ፌሮው ግማሽ ውፍረቱን ሊያጣ ይችላል።

የአውሮፓ መስፈርት ተራ ፌሮ ባለበት አርማታ ውስጥ የሚፈቅደው ክሎራይድ ቢበዛ የሲሚንቶውን ክብደት 0.4 በመቶ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ካለ፣ የተፈቀደው 1.4 ኪሎ ነው ማለት ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 19 ግራም ገደማ ክሎራይድ ይይዛል፤ በ175 ሊትር የባሕር ውሃ የተቦካ አርማታ ገና ከመጀመሪያው ቀን 3.3 ኪሎ ይዞ ይወለዳል። ቀይ ባሕር ደግሞ ከውቅያኖስ አማካይ ይበልጥ ጨዋማ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው እንመለስ። አንድ ነጥብ ላይ ፌሮው ሲዝግ፣ ያ ነጥብ እንደ ባትሪ አሉታዊ ጫፍ ሆኖ ይበላል፤ በአጠገቡ ያለው ፌሮ ደግሞ በእርሱ መበላት ይጠበቃል። የዛገውን ቦታ ፈልፍለን ንጹሕ ሲሚንቶ ስንሞላበት ያ ነጥብ መበላቱን ያቆማል፤ ጎረቤቱ ግን አሁንም ክሎራይድ በሞላበት አርማታ ውስጥ ስለሆነ ተራው የእርሱ ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጥገናው ዙሪያ እንደ ቀለበት አዲስ ስንጥቅ ይወጣል። ስለዚህ ፍልፈላው ክሎራይዱ ከመጠን በታች እስከሚሆንበት ድረስ መስፋት፣ ከፌሮው ጀርባም ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ማለፍ አለበት። ያ የማይቻል ከሆነ በጥገናው ጠርዝ ላይ ከፌሮው ጋር የሚታሰሩ ትናንሽ ዚንኮች አሉ፤ በፌሮው ፈንታ እነርሱ ይበላሉ። ለትልልቅ ወደቦችና ድልድዮች በኤሌክትሪክ ጅረት የሚሠራ ካቶዳዊ ጥበቃ ይተከላል።

«ባሕር ላይ በሚሠራ ምሰሶ የሚጎዳው ውሃ ውስጥ የጠለቀው ክፍል ነው።»

ሁልጊዜ የጠለቀው ክፍል ክሎራይድ ቢሞላበትም ኦክስጅን ስለማይደርሰው ዝገቱ በጣም ዝግ ያለ ነው። ክፉኛ የሚጎዳው ማዕበሉ የሚረጨውና ፀሐይ የሚያደርቀው ክፍል ነው፤ ውሃው ሲተን ጨው እዚያው እየተጠራቀመ ይቀራል። በዚህ ቦታ ሽፋኑ 50 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ፣ ውሃው ከሲሚንቶው ክብደት 0.45 ያልበለጠ እንዲሆን ያስፈልጋል። በሜክሲኮ ፕሮግሬሶ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1941 የተሠራው ወደብ በማይዝግ ብረት ተሠርቶ እስካሁን አገልግሎት ላይ ነው፤ በአጠገቡ በኋላ በተራ ፌሮ የተሠራው ግን ፈራርሷል።

«ጠጠሩ ጥቁርና ጠንካራ ከሆነ፣ ሲሚንቶውም ከበዛ፣ አርማታው አይነካም።»

ሦስተኛው አደጋ ከውጭ ሳይሆን ከአርማታው ከራሱ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ቶማስ ስታንተን በካሊፎርኒያ እንዳሳየው፣ በጠጠሩ ወይም በአሸዋው ውስጥ በደንብ ያልተዋቀረ ሲሊካ ካለ ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ተዋሕዶ ጄል ይሆናል፤ ጄሉ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ አርማታውንም ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ይህ የአልካሊና የሲሊካ አጸግብሮት ነው። የጠጠር ጥንካሬ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። ኦፓል፣ ባልጩትና የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ጠንካሮች ሆነው ይዋሐዳሉ። ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ አሸዋም የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር ለትልቅ ሥራ መዋል የለበትም።

የሲሚንቶ መብዛት ነገሩን ያባብሰዋል። የአልካሊው መጠን 0.8 በመቶ የሆነ ሲሚንቶ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ቢገባ 2.9 ኪሎ አልካሊ ይኖራል፤ 420 ኪሎ ቢገባ ግን 3.4 ኪሎ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ እንደ ጣሪያ የሚወሰደው 3 ኪሎ ነው። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራ የጀመረው የማክታክዋክ ግድብ በዚህ ምክንያት እያበጠ፣ እብጠቱ ማሽኖቹን እንዳያጣምም አርማታውን በአልማዝ ሽቦ እየሰነጠቁ ቦታ ሲሰጡት ኖረዋል።

በዓይን የሚታየው እንደ ካርታ የተጠላለፈ ስንጥቅ ነው፤ ነገር ግን በመድረቅ የሚመጣ ስንጥቅም ይህንኑ ይመስላል። የሚለያቸው እርጥበት ነው፦ ጄሉ ከ80 በመቶ በታች በሆነ እርጥበት አያብጥም፤ ስለዚህ ጉዳቱ ዝናብ በሚመታው ጎን ይብሳል፤ በስንጥቁ ዳር ነጭ ወይም ብርጭቆ መሳይ ዝልግልግ ነገር ሊታይ ይችላል። ማረጋገጫው ግን ከአርማታው የተቆረጠ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ስንጥቁ ጠጠሩን ራሱን አልፎ መገኘቱ ነው። አጠራጣሪ ጠጠር ከሥራ በፊት የሚመረመረው ከእርሱ የተሠራ የሞርታር ዘንግ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ውስጥ 14 ቀን ተነክሮ ነው፤ 0.10 በመቶ ያልደረሰ እድገት በአብዛኛው አያሳስብም፤ ከ0.20 በላይ ግን ያሳስባል።

«ፒፒሲ ለልስንና ለግንብ ነው፤ ለአርማታ ኦፒሲ ብቻ ነው የሚታመነው።»

ከሦስቱ አደጋዎች በሁለቱ ፒፒሲ፣ ማለትም ፖዞላን የተቀላቀለበት ሲሚንቶ፣ ከተራው ሲሚንቶ ከኦፒሲ የተሻለ ነው። በውስጡ የተፈጨው ፖዞላን፣ ለምሳሌ ፑሚስ፣ በቂ መጠን ያለው ሲሆን አልካሊውን አስሮ የጄሉን እብጠት ይገታል፤ ቀዳዳዎቹንም ስለሚያጠብ የክሎራይድን ጉዞ ያዘገያል። በካርቦኔሽን ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ፖዞላኑ ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱን ስለሚጠቀምበት ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቀርበው ክምችት ያነሰ ይሆናል። ውሃ ሳይጠጣ በሦስተኛው ቀን የተተወ የፒፒሲ ኮለን ቀዳዳው ሳይዘጋ ስለሚቀር ካርቦኔሽኑ ከኦፒሲው ይልቅ ይፈጥናል። ስለዚህ በፒፒሲ የተሠራ አርማታ ቢያንስ 14 ቀን፣ ኮለኑም በጆንያ ተጠቅልሎ ጆንያው ሳይደርቅ ሊጠጣ ይገባል፤ ፎርምወርኩም ከኦፒሲው ዘግይቶ ይፈታል።