የጨረቃ ኮከብ ከፀሐይ ኮከብ በምን ይለያል?

«አሰድ ነኝ፣ ጠባዩ ግን አይገጥመኝም» የምትሉ በዝታችኋል። አሰድ ያሰኛችሁ ስትወለዱ ፀሐይ የነበረችበት ቦታ ነው (ከስም ፊደል ተደምሮ የሚወጣው ኮከብ ሌላ ነው)። ፀሐይ በአንድ ኮከብ ወር ያህል ትቆያለች፤ ጨረቃ ግን በሁለት ቀን ተኩል ገደማ ታልፋለች።

በኮከብ ቆጣሪዎች አተረጓጎም ፀሐይ ሰው ፊት የምትታዩበትን፣ ጨረቃ ደግሞ ሲከፋችሁ የምትፈልጉትን ታሳያለች። ፀሐዩ አሰድ፣ ጨረቃው ሸርጣን የሆነ ሰው ሰርግ ላይ ጭፈራውን ይመራል፤ ቅር ሲለው ግን ስልኩን ዘግቶ ቤቱ ይከተታል። ጨረቃው ገውዝ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ሰው ደውሎ ካላወራ አይወጣለትም።

ለጨረቃዋ የትውልድ ሰዓት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ጠዋት 2 ሰዓት የተወለደ 08:00 ብሎ ያስገባ፣ ቀኑንም ወደ ፈረንጅ ይቀይር። የ6 ሰዓት ስህተት ጨረቃን 3 ዲግሪ ያህል ያንሸራትታታል፤ ድንበር ላይ ከነበረች ኮከቡ ይለወጣል። ቦታዋ የስሌት ጉዳይ ነው፤ ትርጉሙ ግን ከቆጣሪ ቆጣሪ ይለያያል።