ፈንክሽናሊዝምና የኦክቶፐስ ሕመም

ፈንክሽናሊዝም በአእምሮ ፍልስፍና ውስጥ የአእምሮ ሁኔታዎችን ከተሠሩበት ነገር ይልቅ በሚሠሩት ሥራ የሚበይን አመለካከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የገነነው፣ በጊዜው ተደማጭ ለነበረው የአእምሮና የአንጎል አንድነት ንድፈ ሐሳብ መልስ ሆኖ ነው።

የአንድነቱን ንድፈ ሐሳብ ኡሊን ፕሌስ በ1956፣ ጃክ ስማርት ደግሞ በ1959 ባሳተሟቸው ጽሑፎች አስፋፉት። ስማርት እንዳለው መብረቅና የኤሌክትሪክ ብልጭታ አብረው የሚከሰቱ ሁለት ነገሮች ሳይሆኑ አንድ ነገር እንደሆኑ ሁሉ፣ ስሜትም ራሱ የአንጎል ሂደት ነው። በፍልስፍና ክፍሎች ውስጥ ይህ ሐሳብ «ሕመም ማለት የሲ-ፋይበር መነቃቃት ነው» በሚል አጭር ቀመር ይነገራል። ቀመሩን የነርቭ ሐኪም ቢሰማው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ሲ-ፋይበር የሚባሉት ከቆዳና ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች ወደ ኅብለ ሰረሰር መልእክት የሚያደርሱ ቀጫጭን ነርቮች እንጂ አንጎል ውስጥ ያሉ አይደሉም። ፈላስፎቹ ስሙን የያዙት ሳይንስ ወደፊት ለሚያገኘው ትክክለኛ የአንጎል ሁኔታ ምትክ አድርገው ነው።

አሜሪካዊው ሂላሪ ፑትናም በ1967 ይህን አቋም የተቸው ከ«አንድ ነው» ከሚለው ቃል ተነሥቶ ነው። ሕመም የሆነ የአንጎል ሁኔታ ራሱ ከሆነ፣ ያ ሁኔታ የሌለው ፍጡር በፍጹም ሊያመው አይችልም። ስለዚህ አንድነቱን የሚያምን ሰው በአጥቢ እንስሳት፣ በገበሎ አስተኔዎችና በኦክቶፐስ አንጎል ውስጥ የሚገኝ አንድ የጋራ ፊዚካላዊ ሁኔታ ማሳየት አለበት። ፑትናም ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም አላለም፤ የማይመስል ነገር ነው ነው ያለው። በአንድ እንስሳ የሚሸነፍ ንድፈ ሐሳብ ብዙ ቁማር ይዟል።

ኦክቶፐስ የተመረጠው በከንቱ አይደለም። ከእኛ ጋር የሚጋራው ቅድመ አያት የኖረው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በግምት ግማሽ ቢሊዮን ከሚሆኑት የነርቭ ሕዋሳቱ አብዛኞቹ በክንዶቹ ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ፤ ማዕከላዊ አንጎሉ የጉሮሮውን ቱቦ ዙሪያውን ከብቦ ተቀምጧል፤ እንደ እኛ ያለ የአንጎል ቅርፊትም የለውም። ሮቢን ክሩክ በ2021 ባሳተመችው ጥናት የኦክቶፐስ ክንድ ውስጥ አሴቲክ አሲድ (አቼቶን የሚያኮመጥጠውን አሲድ) ወጋች። እንስሳው ቀደም ሲል ይወደው የነበረውን፣ ከተወጋ በኋላ የቆየበትን ክፍል መሸሽ ጀመረ፤ የተወጋበትንም ቦታ በአፉ ይነካካና ቆዳውን ይልጥ ነበር። ማደንዘዣ ሲሰጠው ደግሞ እፎይታ ያገኘበትን ክፍል መረጠ። ባልተጎዱት ዘንድ ግን ማደንዘዣው እንዲህ ያለ ምርጫ አላስከተለም።

ፈንክሽናሊስት የሚይዘው ይህን ሰንሰለት ነው። ሕመም ማለት በጉዳት የሚቀሰቀስ፣ ከፍላጎትና ከትዝታ ጋር ተጣምሮ መሸሽን፣ ቁስልን መጠበቅንና እፎይታ መፈለግን የሚያስከትል ውስጣዊ ሁኔታ ነው። ይህን ሚና በሰው ዘንድ አንድ ዓይነት የነርቭ ሥርዓት፣ በኦክቶፐስ ዘንድ ሌላ ዓይነት ሊሸከመው ይችላል። አንድ የአእምሮ ሁኔታ በተለያየ አካል እውን መሆን ይችላል የሚባለውም ይኸው ነው። ጄሪ ፎዶር በ1974 ነጥቡን ከሥነ ልቦና አውጥቶ ወደ ኢኮኖሚክስ ወሰደው፤ አሞሌ ጨውም የወረቀት ብርም ገንዘብ ሆነው አገልግለዋል፣ የገንዘብን ሕግ ግን ከጨው ኬሚስትሪ የሚያወጣው የለም።

ተቃውሞው ጠንካራ ነው። ዴቪድ ሉዊስ አንድነቱ በየዝርያው ሊወሰን ይችላል አለ፤ በሰው ዘንድ ሕመም አንድ የአንጎል ሁኔታ፣ በኦክቶፐስ ዘንድ ሌላ። ጄግዎን ኪም በ1992 ከዚህ አልፎ ሄደ። ሕመም በእውነት እጅግ በተለያዩ አካላት እውን ከሆነ፣ በሰው ላይ የተገኘ የሕመም እውቀት ለኦክቶፐስ ይሠራል ብለን የምንተማመንበት ምክንያት ምንድን ነው? በእኔ እይታ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው።

ዊልያም ቤክተልና ጄኒፈር መንዴል በ1999 ያነሡት ደግሞ የመለኪያን ጉዳይ ነው። ስለ ሕመም ስንናገር የሰውንና የኦክቶፐስን ልዩነት ትተን በጥቅሉ እናያለን፤ ስለ አንጎል ስንናገር ግን እያንዳንዱን ሕዋስ እንቆጥራለን። አንጎልንም በዚያው ጥቅል ዓይን ብናየው ልዩነቱ ይጠብባል። በተቃራኒው ሕመምን በጥቃቅኑ ብንመረምር፣ የእኔና የኦክቶፐሱ ሕመም አንድ ዓይነት ነው ማለቱ ራሱ ማስረጃ ይጠይቃል። የክሩክ ሙከራ የሚያሳየው የሚናውን መመሳሰል ነው፤ ከሚናው ጀርባ አንድ ዓይነት ሁኔታ አለ ወይስ ሁለት የሚለውን አይፈታም።

ፑትናም ራሱ በ1980ዎቹ ፈንክሽናሊዝምን ትቶታል። የተወው ግን በኦክቶፐሱ ምክንያት አልነበረም፤ የአስተሳሰብ ይዘት በጭንቅላት ውስጥ ባለው ነገር ብቻ አይወሰንም ብሎ በማመኑ ነው።