«ኤዲት ላይ ይስተካከላል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ዝም ብለህ በእጅህ ቅረጸው፣ ቢነቃነቅም ኤዲት ላይ ይስተካከላል።»

እዚህ ሐዋሳ ሰርግ ከሚቀርጹ ልጆች ይሄን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም፣ የምሬን ነው ሰልችቶኛል። ሶፍትዌሩ የሚያደርገው ዘሎ የሄደውን ፍሬም ጎትቶ ወደ ቦታው መመለስ ነው፣ በቃ። ፍሬሙ ውስጥ የደበዘዘውን አያጠራውም። ሹተሩ ክፍት ሆኖ እጃችሁ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ተጎትቶ ይቀራል፣ ያ ደግሞ የትም አይሄድም።

ባለፈው አንድ ልጅ ሙሽሮች ሐይቁ ዳር ሲራመዱ የቀረጻቸውን ሁለት ክሊፕ ይዞልኝ መጣ፣ አንዱ 11 ሰዓት ላይ በ1/200 ሰከንድ ሹተር የተቀረጸ፣ ሌላው ፀሐይ ከገባች በኋላ በ1/50። እጁ ያው፣ አረማመዱ ያው። ሁለቱም ላይ የPremiereን ማረጋጊያ Warp Stabilizer ጫንን። የማታው ቀጥ አለ ግን በየእርምጃው ብዥ፣ ጥርት፣ ብዥ፣ ጥርት ይላል፣ ፎከስ የጠፋበት ነው የሚመስለው። አቁመን ፍሬም በፍሬም ስናየው የሙሽራዋ ጉትቻ ነጥብ መሆን ሲገባው አጭር መስመር ሆኗል። እናንተም ስታቢላይዘር ከመጫናችሁ በፊት ጉትቻ ወይ አምፖል ፈልጋችሁ እዩ፣ መስመር ከሆነ አትድከሙ።

የ11 ሰዓቱ ዳነ፣ እሱም ግን ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ ከኋላ ያሉት ዛፎች እንደ ጄሊ ይለመጡ ነበር፣ ምክንያቱም Method የሚለው Subspace Warp ላይ ነበር፣ እሱ ምስሉን ቦታ ቦታውን ያጣምማል። ወደ Position ቀየርኩት፣ Smoothness ደግሞ ከ50% ወደ 10% አወረድኩት፣ ዛፎቹ ቆሙ። ጠርዙን ለመቁረጥ ምስሉን ትንሽ ዙም ያደርገዋል፣ ልጁ በ4ኬ ቀርጾ በ1080 ስለሚያስረክብ ጥራቱ አልተነካም። በ1080 ቀርጾ ቢሆን ይሳሳ ነበር።

ስለዚህ በእጅ እየተራመዳችሁ ከሆነ ቀን ላይ የሹተሩን ፍጥነት ከፍ አድርጉ፣ እንቅስቃሴው ትንሽ ቆረጥ ቆረጥ ቢልም ይሻላል። አዳራሽ ውስጥ ግን ከ1/100 አትለፉ፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ አምፖል ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል። ብርሃኑ ለዛም ካልበቃ አትራመዱ፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቃችሁ፣ የካሜራውን ማንገቻ አንገታችሁ ላይ ወጥራችሁ ቆማችሁ ቅረጹ።

«ጊምባል ካለ መራመድ አይታይም» ለሚሉ፦ ጊምባል የሚይዘው መዞርና መዘንበልን ነው፣ ከእርምጃ ጋር ወደላይ ወደታች መንሳፈፉን ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ የምታጠፉት እናንተ ናችሁ።

«ጊምባል ካለ ትራይፖድ ምን ይሰራል» የሚሉም አሉ። የአንድ ሰዓት ሥነ ሥርዓት ላይ ጊምባል ተሸክሞ የቆመ ሰው እጁ ሲዝል ፍሬሙ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ትራይፖድ አይዝልም። ሐይቁ ዳር ነፋስ ካለ መሐለኛውን ዘንግ ዝቅ አድርጋችሁ ቦርሳችሁን ስር ስቀሉበት፣ ቦርሳው ራሱ እንዳይወዛወዝ መሬት ነክቶ ይረፍ፣ የካሜራውን ስታቢላይዘር ደግሞ አጥፉት።