ከኅዳር ሚካኤል እስከ ሰኔ ሚካኤል ስንት አርብ አለ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰላም የተዋሕዶ ልጆች። አንዲት እህታችን ለቅዱስ ሚካኤል ስለት ተስላ ነበር፣ ከኅዳር 12 እስከ ሰኔ 12 2018 ዓ.ም በየአርቡ አንድ ነዳይ ላበላ ብላ። ሂሳቡን ስትሰራው አንዴ 30 አንዴ 31 እየመጣባት ግራ ገባት። እስቲ አብረን እንየው፣ ጾም ለምንቆጥርም ሰዎች ይጠቅመናል።

መጀመሪያ ቀኑን እንወቅ። መስከረም 1 2018 ሐሙስ ነው የዋለው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ፣ ማለትም አራት ሳምንት ከሁለት ቀን፣ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ወር ሁለት ቀን ወደፊት ይገባል። ስለዚህ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ። ኅዳር 1 ሰኞ ከሆነ ኅዳር 5 አርብ ነው፣ ሰባት ስትጨምሩበት ኅዳር 12ም አርብ። ደስ የሚለው ነገር ከኅዳር 12 እስከ ሰኔ 12 ሰባት ወር ነው፣ ሰባት ሲባዛ በ30 210 ቀን፣ 210 ደግሞ ለሰባት ሲካፈል ልክ 30 ሳምንት ምንም ሳይተርፍ። ስለዚህ ሰኔ 12ም አርብ ነው ማለት ነው (የኅዳርና የሰኔ ሚካኤል በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ቀን ነው የሚውሉት፣ ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ?)።

እንግዲህ 30 ሳምንት ስለሆነ 30 አርብ ነው እንዳትሉ። 30 ያገኘነው በአርቦቹ መሀል ያለውን እርምጃ ነው እንጂ አርቦቹን አይደለም። የመጀመሪያው አርብ ራሱ አለ፣ እሱ ላይ 30 ጊዜ ሰባት ሰባት ሲጨመር 31 አርብ ይሆናል። ቤተክርስቲያንም የምትቆጥረው እንደዚህ ነው፣ መነሻውን ቀን አስገብታ። ጌታ አርብ ተሰቅሎ እሁድ ተነሳ፣ በመቀነስ ብቻ ብንሄድ ሁለት ቀን ነው፣ ግን በሦስተኛው ቀን ተነሳ ነው የምንለው፣ አርብ አንድ ቅዳሜ ሁለት እሁድ ሦስት። በዓለ ሃምሳም እንደዚሁ፣ ከትንሣኤ እሁድ እስከ ጰራቅሊጦስ እሁድ ቢቀነስ 49 ነው፣ ትንሣኤን አንድ ብለን ስንጀምር ግን 50 ይሞላል።

ሁለቱ ጫፎች አርብ ላይ ካልዋሉላችሁ ደግሞ መነሻውን ወደሚቀጥለው አርብ ግፉት፣ መድረሻውን ወዳለፈው አርብ መልሱት፣ ቀንሱ፣ ለሰባት አካፍሉ፣ አንድ ጨምሩ፣ በቃ። ሲካፈል ትርፍ ከመጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጳጉሜን ጋ ነው፣ ወይ ይረሷታል ወይ እንደ ሙሉ ወር ይቆጥሯታል። ለምሳሌ ነሐሴ 1 2018 አርብ ነው፣ መስከረም 1 2019ም አርብ ነው፣ መሀላቸው 30 ከ5 ጳጉሜን ጋር 35 ቀን፣ ስለዚህ 6 አርብ። ጳጉሜንን ብትረሱ 30 ለሰባት ሁለት ይተርፋል፣ እዚያው ታውቁታላችሁ። በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን እንደምትሆንም አትርሱ።

አሁን ወደ ጾሙ። 31ዱም አርብ ይጾማል ወይ? አይጾምም። በ2018 ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነው፣ ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23። በዚህ በሃምሳው ቀን አርብም ረቡዕም ጾም የለም። አርቦቹን ቁጠሯቸው፣ ሚያዝያ 9፣ 16፣ 23፣ 30፣ ከዛ ግንቦት 7፣ 14፣ 21፣ ሰባት ናቸው። 31 ሲቀነስ 7፣ 24 የጾም አርብ ይቀራል። ከትንሣኤ በፊት እስከ ስቅለት (ሚያዝያ 2) ያሉት 21 ናቸው፣ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ደግሞ 3፣ ስለዚህ ልክ መጣ።

የእህታችን ስለት ግን በየአርቡ ነው እንጂ በየጾሙ አርብ አይደለም፣ ስለዚህ በሃምሳውም ቀን ታብላ፣ እንደውም ነዳዩ ያን ጊዜ ሥጋም ይበላል። የቀረባት አርብ ካለ እንዴት እንደምትክስ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ፣ እሱ የኔ አይደለም።

ረቡዕን የምትቆጥሩ ካላችሁ ደግሞ በዚሁ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው ረቡዕ ኅዳር 17፣ የመጨረሻው ሰኔ 10 ነው፣ 203 ቀን፣ 29 ሳምንት፣ ሲደመር አንድ 30 ረቡዕ። የሃምሳው ሰባት ይወጣል፣ 23። ከዛ ላይ ገና ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ነው የዋለው፣ ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይ አርብ ሲውሉ ስለሚበላ እሱም ይወጣል፣ 22። ጥምቀት ሰኞ ስለሆነ ምንም አይነካም።