ተለዋዋጭ የፍሬም ፍጥነት ምንድን ነው? ድምፁ ከከንፈሩ ወደ ኋላ የሚቀረውስ ለምንድን ነው?

አጎቴ ሳሎናቸው ተቀምጠው የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ፣ የአክስቴ ልጅ ስልኩን መጽሐፍ ላይ ደግፎ ቀረጻቸው። ልክ 40 ደቂቃ ነው። ፋይሉ ከባድ ስለነበር እንዲቀልል ቀየርኩት፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች አየሁ፣ ደኅና ነው አልኩና ለዘመድ አዝማድ ላክሁት። በማግስቱ የአጎቴ ታናሽ እኅት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ጋሼ በከዘራቸው ወለሉን መጀመሪያ ይመታሉ፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ነጎድጓድ አደረግኸው እኮ!»

እውነታቸውን ነበር። አጎቴ አንድ ትውልድ ቆጥረው በጨረሱ ቁጥር ወለሉን በከዘራቸው መታ ያደርጋሉ። እስከ 18ኛው ደቂቃ ድረስ ምቱና ድምፁ አንድ ላይ ናቸው። መጨረሻው ላይ ግን ከዘራው ወለሉን ከነካ አራት ሰከንድ ቆይቶ ነው «ቋ» የሚለው። ከስልኩ የመጣውን ዋናውን ፋይል ስከፍተው ግን ምንም እንከን የለበትም። ስለዚህ ጥፋቱ የቀረጻው ሳይሆን የቅየራው ነበር።

ቪዲዮ የተከታታይ ፎቶግራፎች ድርድር ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። ብዙዎቻችን ስልክ በሰከንድ 30 ፍሬም ይቀርጻል ሲባል እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሳያዛንፍ የሚቀርጽ ይመስለናል። አይደለም። ብርሃን ሲያንሰው ካሜራው እያንዳንዱን ፎቶ ረዘም ላለ ጊዜ ማጋለጥ ይፈልጋል። በሰከንድ 30 ፎቶ እያነሣ ለአንዱ ከ33 ሚሊሰከንድ በላይ ሊሰጠው አይችልም። ወደ 24 ከወረደ ግን 42 ሚሊሰከንድ ገደማ ያገኛል፤ ምስሉም ይደምቃል። ስለዚህ ብዙ ስልኮች ማንንም ሳያማክሩ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጉና ብርሃኑ ሲመለስ መልሰው ከፍ ያደርጉታል። ተለዋዋጭ የፍሬም ፍጥነት የሚባለው ይኸው ነው። የስልክን ስክሪን የሚቀርጹ ፕሮግራሞችም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለ አዲስ ፍሬም አይጽፉም።

ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም። ፋይሉ ውስጥ ከእያንዳንዱ ፍሬም ጎን መቼ መታየት እንዳለበት የሚናገር የጊዜ ምልክት ተጽፏል። ማጫወቻው ያንን እያነበበ ስለሚያሳይ ፍሬሞቹ ቢበዙም ቢያንሱም ምስሉ ከድምፁ ጋር ይገጥማል። ድምፁ ደግሞ ጨለማም ሆነ ብርሃን አይነካውም፤ በሰከንድ 48,000 ናሙናውን እየቆጠረ ይሄዳል።

ችግሩ የሚመጣው የጊዜ ምልክቱን ትቶ ፍሬም የሚቆጥር ፕሮግራም ሲገባበት ነው። ቡና ሲጠጣ ሰዓቱን በስኒ ብዛት እንደሚገምት እንግዳ ማለት ነው። አቦል 20 ደቂቃ፣ ቶና 20 ደቂቃ፣ በረካ 20 ደቂቃ፤ በቃ አንድ ሰዓት ሆኗል ይላል። ቶናው ላይ ወሬው ደርቶ ሰዓት ተኩል እንደወሰደ አላስተዋለም፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ጨልሞ ይጠብቀዋል።

በአጎቴ ቪዲዮ ላይ የሆነውን ልቁጠረው። 18ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። አጎቴ ንግግራቸውን አላቋረጡም፤ መብራት ሲጠፋ ማቋረጥ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ዘር ቆጥረው ባልጨረሱ። ከ20 ሰከንድ በኋላ መብራቱ ተመለሰ። በእነዚያ 20 ሰከንዶች ስልኩ በመስኮት በምትገባው ብርሃን ብቻ እየቀረጸ ወደ 24 ፍሬም ወርዶ ነበር። ስለዚህ 600 ፍሬም ሊኖር በሚገባው ቦታ 480 ብቻ ተጻፈ። ፍሬም ቆጣሪው ፕሮግራም እነዚህን 480 ፍሬሞች በ30 ሲያጫውታቸው በ16 ሰከንድ ያልቃሉ። ድምፁ ግን አሁንም 20 ሰከንድ ነው። አራቱ ሰከንዶች የጠፉት እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምስል ሁሉ ከድምፁ አራት ሰከንድ ቀድሞ ይሄዳል።

ይህን ለማረጋገጥ `ffmpeg` ከተባለው ነጻ የቪዲዮ መቀየሪያ ጋር በሚመጣው `ffprobe` ዋናውን ፋይል እንዲህ መጠየቅ ይቻላል፦

```
ffprobe -v error -select_streams v:0 -show_entries stream=avg_frame_rate,nb_frames,duration -of default=nw=1 qal.mp4
```

የመጣው መልስ ይህ ነበር፦

```
avg_frame_rate=599/20
duration=2400.000000
nb_frames=71880
```

599ን ለ20 ስናካፍል 29.95 ይሆናል። ለ30 እጅግ የቀረበ ስለሆነ ሰው አይቶ ያልፈዋል፤ እኔም በሌላ ጊዜ አልፌዋለሁ። ነገር ግን 71,880 ፍሬም በ30 ሲካፈል 2,396 ሰከንድ ነው፤ ከ2,400 አራት ጎደለ። ትእዛዝ መጻፍ የማይወድ ሰው ሚዲያኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍቶ `Frame rate mode` የሚለውን መስመር ይመልከት። `Variable` ካለ፣ ከሥሩ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ፍጥነት ያሳየዋል። ሁለቱ ጥቂት ነጥብ ብቻ ከተለያዩ የስልኩ ተራ መንቀጥቀጥ ነው፤ 24 እና 30 ካለ ግን የምንናገርለት ጉዳይ እርሱ ነው።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ድምፁ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በእኩል መጠን ከዘገየ ይህ ሌላ ሕመም ነው፤ ድምፁን በዚያው መጠን ማንሸራተት ይበቃዋል። እኔ ሦስት ቦታ እፈትሻለሁ፦ መጀመሪያ አካባቢ፣ መሐል ላይና ከማለቁ በፊት። ልዩነቱ ከቦታ ቦታ ካደገ ማንሸራተት አያድነውም። እንደ ከዘራ ምት፣ ጭብጨባ ወይም በር መዝጋት ያለ ቁርጥ ያለ ድምፅ ከከንፈር ይልቅ ለመፍረድ ያመቻል።

መድኃኒቱ ወደ ዋናው ፋይል ተመልሶ ፍጥነቱ ወጥ ሆኖ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ይህ ሲደረግ ፕሮግራሙ የጊዜ ምልክቶቹን እያነበበ፣ ፍሬም በጎደለበት ቦታ የቀደመውን ድጋሚ ይጽፋል፤ በተረፈበት ይጥላል።

```
ffmpeg -i qal.mp4 -fps_mode cfr -r 30 -c:v libx264 -crf 18 -c:a copy qal30.mp4
```

ሥራው ሲያልቅ በመጨረሻው መስመር ላይ `dup=120 drop=0` የሚል አየሁ። 120 የተደገሙ ፍሬሞች፣ ማለትም በ30 ስናካፍላቸው አራት ሰከንድ። የጠፋው ጊዜ ተመልሶ ቁጭ አለ። በመብራት መጥፋቱ ሰዓት ከየአራቱ ፍሬም አንዱ ስለተደገመ እንቅስቃሴው ጥቂት ይንገጫገጫል፤ ካልነገሩት ግን ማንም አያየውም። `-fps_mode` የሚለውን ቃል አላውቅም ብሎ ከመለሰ ፕሮግራሙ ከእትም 5.1 በፊት የወጣ ነው፤ በእርሱ ምትክ `-vsync cfr` ይጻፍ። በመስኮትና በአዝራር መሥራት የሚመርጥ ደግሞ ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ መቀየሪያ የቪዲዮ ገጽ ላይ `Peak Framerate` የሚለውን ትቶ `Constant Framerate` ይምረጥ። ምስሉን እንደገና ሳይጽፉ በ`-c:v copy` መገልበጥ እዚህ አይጠቅምም፤ ተለዋዋጩን ፍጥነት ከነምልክቱ ይዞት ይሄዳል።

ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት፣ እኔም የተሰናከልሁበት ቦታ አለ። `-r 30` የሚለው ከ`-i` በኋላ ሲጻፍ «ውጤቱን በ30 ጻፍልኝ» ማለት ነው። ከ`-i` በፊት ሲጻፍ ግን «በፋይሉ ውስጥ ያለውን የጊዜ ምልክት እርሳው፣ ሁሉም ፍሬም በ30 እንደመጣ ቁጠረው» ማለት ይሆናል። ያው የቡናው እንግዳ! የመጀመሪያውን ቅየራ መለስ ብዬ ሳየው የጻፍሁት እንዲህ ነበር። ፕሮግራሙን ልወቅስ ተነሥቼ ራሴን አገኘሁት።

ዋናው ፋይል ከስልኩ ተሰርዞ የተበላሸው ብቻ በእጅ ካለስ? ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ድምፁን ከምስሉ ርዝመት ጋር እንዲገጥም በጥቂቱ ማፍጠን ነው፤ 2,400 ሰከንዱን በ2,396 ማስጨረስ። ይህ የሚሠራው ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል እየጨመረ ከሄደ ብቻ ነው። በአጎቴ ቪዲዮ ላይ ቢደረግ ጤነኛውን ክፍል ያሳምመዋል፦ 18ኛው ደቂቃ ላይ ሲደረስ ድምፁ ከምስሉ 1.8 ሰከንድ ይቀድማል፤ ከመብራት መጥፋቱ በኋላ ተገልብጦ ከሁለት ሰከንድ በላይ ይዘገያል፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ይገጥማል። ጫፉን ብቻ የሚፈትሽ ሰው «ተስተካከለ» ብሎ ይልከዋል።

በእንዲህ ያለው ጊዜ ልዩነቱ የሚጀምርበትን ቦታ መፈለግ ግድ ነው። አንድ ምት የገጠመበትንና ቀጣዩ ያልገጠመበትን ይዞ መሐሉን እያጠበቡ መሄድ ነው። በእኛ ፋይል ከ18:00 እስከ 18:16 ያለው ምስል ብቻ ተቆርጦ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ዝቅ ሲደረግ 16ቱ ሰከንድ መልሶ 20 ይሆናል፤ ድምፁ ሳይነካ የቀረው ሁሉ ወደ ቦታው ይገባል። ጨለማው ራሱ ቦታውን ስለሚጠቁም የእኛ ቀላል ነበር። ስልኩ 40 ደቂቃ ሙሉ ከፍ ዝቅ ሲል የዋለበት ቀረጻ ከሆነ ግን ይህ የእጅ ሥራ የሚያልቅ አይደለም፤ በየሁለትና ሦስት ደቂቃው ድምፁን እየቆረጡ ጸጥታ ባለበት ቦታ ማስጠጋት ብቻ ይቀራል።

አይፎን ለያዘ ሰው ከካሜራው ማስተካከያ ውስጥ፣ በ`Record Video` ሥር፣ `Auto FPS` የሚል አለ፤ ሲጠፋ ስልኩ በጨለማ ፍጥነቱን ማውረዱን ይተዋል፤ ምስሉ ግን ይጠቁራል። ለአጎቴ ለሁለተኛው ቀረጻ አጥፍተነዋል። የእናታቸውን ወገን ገና አልቆጠሩም።